የበጊቷ ሂሳብ

አባቶቼ ካህናት፣ ይፍቱኝ። ከዳባት ድረስ የመጣችሁ አዲሶቹ ዘመዶቻችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። እናንተን የደባርቅ ጎረቤቶቼን ግን እንኳን ደኅና መጣችሁ አልላችሁም፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚሁ ናችሁ፣ ጠላውም ለምዷችኋል።

ይህን ማይክ ያስያዙኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። «እማማና አባባ ከሃምሳ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል፤ የሚዘልቅ ፍቅር ምን እንደሚፈልግ እሳቸው ይንገሩን» ብለው አስነሡኝ። ሃምሳ ዓመት ማለታቸው ልክ ነው። ያልቆጠሩት በመካከሉ ጓዜን ጠቅልዬ የወጣሁበትን ነው። ያልቆጠሩት አያታችሁን ሳላናግር የከረምኩበትን ክረምት ነው። እንግዲህ የማውቀውን ልናገር ካላችሁኝ የምናገረው የራሴን ጉድ ነው፤ ሌላ እውቀት የለኝም። አያታችሁ እዚያ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ደክሟል፣ ግን የእኔ ውሸት ይሰማቸዋል። ከዋሸሁ ዘንጋቸውን ያነሣሉ፤ እናንተም ዘንጉን እያያችሁ ስሙኝ።

ከጥፋቴ የማልቆጥረውን አስቀድሜ ላውጣው። እሳቸው የመጀመሪያ ባሌ አይደሉም። የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ ለአንድ ሰው ተድሬ ነበር። በበቅሎ ሲወስዱኝ እንቅልፍ ወስዶኝ ሚዜው ደግፎ ነው ያደረሰኝ። እዚያ ቤት የከረምኩት የአማቴን ጥጥ እየፈለቀቅሁ ነው፤ ከፍ ብዬ ነገሩ ሲገባኝ አንድ ሌሊት ተነሥቼ ወደ አባቴ ቤት ሮጥኩ፣ ሁለተኛም አልተመለስኩም። በ1952 የወጣው የጃንሆይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ 15 ዓመት ሳይሞላት አትዳር ይል እንደነበር የነገረችኝ ይህችው ዛሬ ለመታጨቷ የተሰበሰብንላት ልጃችን ናት። ያን ጊዜ ለእኛ መንደር የነገረ አልነበረም። በኋላ በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ በእኛም ክልል በ1995 በወጣው፣ ለሴቱም ለወንዱም 18 ሆኗል። ልጃችን ግን 18ንም አልፋ፣ ተምራ፣ ደመወዝ በልታ፣ ራሷ መርጣ ነው እዚህ የተቀመጠችው፤ ስለዚህ በዚህ በኩል የምመክራት የለም። ከዚያ ሽሽት አንድ አመል ግን ቀርቶብኝ ነበር። የማንም ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነበር።

አያታችሁን ያገባኋቸው በሰማንያ ነው። የዛሬ ልጆች ሰማንያ ስትባሉ ማዘጋጃ ቤት የሚፈረም ወረቀት ብቻ ይመስላችኋል። በእኛ ጊዜ የሁለት ቤት ከብት የሚተያይበት ነገር ነበር። የእሳቸው አባት በሬ ሲያወጡ የእኔ አባት በዋጋ የምትስተካከለውን ላም አወጣ፤ እነሱ እህል ሲሉ እኛም እህል አልን፤ እኩል ለእኩል። መሬት አይገባበትም፣ ርስት የየዘሩ ነበርና። እማኝ ይቀመጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው ይጽፈዋል። ጋብቻው ቢፈርስ እያንዳንዱ ያመጣውን ይዞ ይወጣል፤ አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት። ባዶ እጇን እንደማትባረር የምታውቅ ሴት በባሏ ፊት ቀና ብላ ትናገራለች፤ እኔም ቀና ብዬ ተናግሬያለሁ፣ አንዳንዴም ከልኩ በላይ።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሌላዋ ሙሽራ በሻሿ ተሸፍና ስታለቅስ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዬን አቁሜ ዝርዝሩን አጠና ነበር። የላሚቱ ቀንድ ወዴት እንደታጠፈ፣ ገብሱ ስንት ቁና እንደሆነ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ ሁሉ ያዝኩ። የባሌን መልክ አስተውዬ ያየሁት ከሰነበትን በኋላ ነው፤ ዝርዝሩን ግን ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አወርደዋለሁ። ሰው ባል ሲያገባ እኔ ሂሳብ አገባሁ።

ብዙም ሳንቆይ ተጣላን። በምን ብትሉኝ በጨው ነው። ወጡ ጨው በዝቶበታል አሉ፤ እኔ ደግሞ ጨው የተገዛው በእኔ ዶሮ ነው፣ ቢበዛስ ምን አገባዎት አልኩ። ማታውኑ ጓዜን ይዤ አባቴ ቤት ገባሁ። ሽማግሌዎች ከደጀ ሰላሙ በታች ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡልን። የእኛ አገር ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን ጥፋተኛ አይፈልግም። ከሁለታችንም ዋስ ያስጠራል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ያስጠነቅቃል፣ ይሰማል፣ ይነሣል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ዋናው ብልሃት ከፍርዱ ይልቅ ቀጠሮው ላይ መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ቀጠሮ አልፈልግም፣ ሂሳቤ ይሠራልኝ ብዬ ጮህኩ።

እሺ ብለው መቁጠር ጀመሩ። በሬው የእሱ፣ ላሚቱ የእሷ፣ ዶሮዎቹ እኩል። ላሚቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ለካስ አርግዛለች። ላሚቱ በውሉ የእኔ ናት፤ ጥጃው ግን በጋብቻችን የመጣ ነውና የጋራ ነው። ያልተወለደ ጥጃ እንዴት ይካፈላል? «እስክትወልድ ቀጠሮ» ብለው ተነሡ። ሚያዝያ ነበር። ሐምሌ ሲደርስ ገብሱ አረም ዋጠው። እህሉም የጋራ ነው፣ እኩሌታዬ በአረም ሲበላ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ተመለስኩ፤ ለአረም ብቻ። ይህን ለአባቴም ለእናቴም በግልጽ ተናግሬ ነው የሄድኩት፣ ለአረም ብቻ። ዝናቡ ግን የስሜን ዝናብ ነው፣ ቤቱም አንድ ነው። ላሚቱ በኅዳር ወለደች። በቀጠሯችን ቀን ከወይራው ሥር ስቆም ትልቁ ሽማግሌ ሆዴን አዩ፣ ላሚቱን አዩ፣ «እንግዲህ የትኛዋን አስቀድመን እንቁጠር?» አሉ። አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ያ ፅንስ የዛሬዋ ልጃችን እናት ናት፤ ያቻትና፣ ፊትሽን አትሸፍኚ።

ይህ ያስተምራት ነበር ትላላችሁ። አላስተማረኝም። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከባሌ ጋር አንድ ላይ ተማርን። እሳቸው ፊደሉ ቢከብዳቸውም ሂሳቡ ቶሎ ገባቸው፤ እኔ ፊደሉን ቶሎ ያዝኩ፣ መደመር ግን እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል። ሌላው ሰው መጻፍ ሲችል ለዘመድ ደብዳቤ ጻፈ። እኔ በመጀመሪያው መስመር ስሜን ጻፍኩ፤ በሁለተኛው መስመር «የእሱ ዕዳ» ብዬ አሰመርኩበት። በደብተሩ ላይ አንቱታ አልነበረም። «ለጥምቀት ለእናቱ ሻሽ ገዛ፣ ለእኔ አልገዛም። የእህቱ ልጅ ስትዳር ሦስት ቁና ገብስ ሳያማክረኝ ሰጠ። ወቅን ገበያ ወርዶ አመሸ፣ የት እንዳመሸ አልተናገረም።» እንዲህ እያልኩ ሞላሁት፤ ሁሉንም በብር እየተመንኩ። ደብተሩን ከአገልግሉ ሥር ደበቅሁት።

አንድ ቀን ላሰፍር ስከፍተው ከእኔ ጽሕፈት በታች በወፍራሙ፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊቀድ እስኪደርስ ተጭኖ የተጻፈ አገኘሁ። «ገብሱ ሦስት ሳይሆን ሁለት ቁና ነው።» ከዚያ ወረድ ብሎ ድምሬን አርመውታል። እኔ በራሴ ላይ አጉድዬ ደምሬ ኖሮ፣ ዕዳቸውን ከእኔ ድምር ከፍ አድርገው ጽፈውልኛል። አንዲት ቁና ቀንሰው፣ ከዚያ የሚበልጥ ጨምረው ማለት ነው። ልብ ያላት ሴት ብትሆን ያን ቀን ደብተሩን እሳት ውስጥ ትጨምረው ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? የምደብቅበትን ቦታ ቀየርኩ።

ዘንጉ አልተነሣም፤ ልቀጥል።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያስቅ ነው። የሚቀጥለውን ስነግራችሁ ሳቁም አትሳቁም እኔ አፍራለሁ። ከዶሮና ከቅቤ የማገኘውን ሳንቲም ሰብስቤ አንዲት በግ ገዛሁ፤ ወቅን ላለችው እህቴ ለርቢ ሰጠኋት። ርቢ ማለት ለከተሜዎቹ ልንገራችሁ፣ የሚያረባው ሰው ጠብቆና አብልቶ ያሳድጋል፣ የሚወለደውን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል። በመከር ጊዜም እህል ወደ ጎተራ ሲገባ ትንሽ ትንሽ እያስቀረሁ ወደ እህቴ ቤት አሻግር ነበር። ባቄላ አንዳንዴ፣ ገብስ ብዙ ጊዜ። ለምን ብትሉኝ መልስ ነበረኝ። በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የገባው የአባወራው ስም ነው፤ የእኔ ስም የትም አልነበረም። ርስትም ቀርቷል፣ የአባቴ ደጅም እንደ ድሮው አይጠብቀኝም። ሴት ልጅ መውጫ ያስፈልጋታል አልኩ። ምክንያቱ ልክ ነበር፤ አሁንም ልክ አይደለም አልልም። የሠራሁበት ነገር ግን ልክ አልነበረም።

የ77ቱ ድርቅ መጣ። በእኛ በኩል እንደ ወሎና እንደ ዋግ አልከፋም፣ ግን ጎተራው ባዶ ሆነ። በእንዲህ ያለ ዓመት እህል ይወደዳል፣ ከብት ይረክሳል፤ ሁሉም ሊሸጥ ያወጣዋልና። አያታችሁ ማታ ማታ ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ያስባሉ። ከሁለቱ በሬ አንዱን ልሽጥ ወይስ እንዴት ልሁን ይላሉ። እኔ እሳቱን አራግባለሁ። እህቴ ቤት ሁለት ስልቻ ገብስ ነበረኝ። በጊቱም ወልዳ ነበር። አንድ ቃል ብናገር በሬው አይሸጥም ነበር። አልተናገርኩም። ብናገር የጋራ ይሆናል፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የጋራ ነዋ፣ እኔ ደግሞ መውጫ አልባ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። በሬው በርካሽ ተሸጠ።

ገበሬዎቹ የሚቀጥለውን ሳልናገር ታውቁታላችሁ። ባለ አንድ በሬ ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይገባል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ። ጎረቤታችን ቀድሞ አረሰ፣ ቀድሞ ዘራ፣ የዘሩን ወቅት እሱ በላው። የእኛ ተራ ሲደርስ ዘግይተናል። በደጋ የዘገየ ገብስ ፍሬው ሳይጠጥር ጥቅምት ይደርስበታል፤ ጥቅምት ደግሞ ውርጭ ይዞ ይመጣል። አንድ ጧት ወጥተን አየነው። ያፈራ ዛላ ያጎነብሳል፣ ክብደት አለው። ውርጭ የመታው ዛላ ነጣ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በመዳፍ ስታሹት ገለባ ብቻ ነው። ማሳው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አያታችሁ አንዱን ዛላ አሽተው እፍ አሉትና ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። የተረፈችው ዳር ዳሯ ላይ ጭላዳ ወረደባት። እኔም ያን ዓመት እንደዚያ ዛላ ቀጥ ብዬ ነበር የምሄደው።

በኋላ እህሉን ከእህቴ ቤት አንድ ቁና አንድ ቁና እያመጣሁ «ተበደርኩ» እያልኩ አበላኋቸው። የራሳቸውን እህል ተበድሬ አመጣሁላቸው። ብድሩንም እሳቸው በሚቀጥለው መከር ለእህቴ ከፍለዋል። ይኸው ዳኙኝ።

ዓመታት አለፉ፣ ደርግም አለፈ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው ተባለ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ ወሰን ካስለየ በኋላ ስማችንን መዘገበ። ባልና ሚስት ሁለቱም በደብተሩ ላይ ይጻፋሉ፣ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል አሉ። አላመንኩም። ፎቶ አንሺው ፊት ሄደን ስንቆም በዚያ ሳምንት ተኳርፈን ነበር፣ ምክንያቱን ረስቼዋለሁ። ደብተሩ ቤት አለ፣ የፈለገ ይየው። እሳቸው ወደ ሊማሊሞ ያያሉ፣ እኔ ወደ ጎንደር። ሁለታችንም ግን አንድ ገጽ ላይ ነን። ያን ቀን ማታ ደብተሩን በፋኖስ አየሁት፣ ስሜን ደጋግሜ አነበብኩት። ስንቱን ዓመት እኔ ብቻ የያዝኩት መስሎኝ የደከምኩበትን ሂሳብ መንግሥት ይዞልኛል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የምደብቅበት ምክንያት አልነበረኝም። ይሁንና አመል ከምክንያቱ ይቆያል፤ የዶሮዬን ሳንቲም መደበቅ የተውኩት ወዲያው አይደለም።

ኋላ አያታችሁ እንቁረብ አሉኝ። አንዳንዶቻችሁ ወጣቶች ቁርባን ከሰማንያ በምን እንደሚለይ አታውቁም። የቆረበ ሰው መውጫ የለውም፤ የሚለየው ሞት ብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በየአጽዋማቱም መኝታ ይለያል። ለዚህ ነው በአገራችን ብዙ ሰው በሰማንያ ተጋብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ጉልበቱ ከደከመ በኋላ የሚቆርበው። ጉልበት ሲደክም ጾም ይቀላል ይላሉ፤ እኔ ግን የዘገየሁት ስለ ጾሙ አልነበረም። በሩ ስለሚዘጋ ነው። የንስሐ አባታችን ደግሞ አንድ ነገር አስቀደሙ። «ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት አንዳችሁ ከሌላችሁ የደበቃችሁት ካለ ተነጋገሩ» አሉን።

በቅበላው ሳምንት ተናገርኩ። በጊቱን፣ ገብሱን፣ ብድር ያልኩትን ሁሉ። በሬውንም አልሸሸግሁም። አያታችሁ ሰምተው ተነሡና ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁዳዴን ሙሉ፣ 55 ቀን፣ አላናገሩኝም። በሕይወታቸው ኩርፊያ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ኩርፊያ የእኔ ሙያ ነበር። አሁን እሳቸው በልጅ በኩል «አያትሽ በሶ ታቅርብ በያት» ሲሉ እኔ በሶውን አቀርባለሁ፣ ልጅቱም መሐል ቆማ ትሥቃለች። ስንት ዓመት ያበላኋቸውን ምግብ ያን ጊዜ ቀመስኩት። ቁርባኑም ለዚያ ዓመት ቀረ።

በፋሲካ ዋዜማ ማታ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል ከመደቡ ላይ ሆነው ተናገሩ።

«በጊቷ ስንት ወለደች?»

ደነገጥኩ። «ስምንት» አልኩ።

«ግማሹ የእህትሽ ነው፣ አርብታለችና። አራት ቀረ። አራቱ የጋራ ነበር። ሁለቱ የእኔ ናቸው። ሁለት በግ አለብሽ።»

ሂሳቡ ልክ ነበር፣ እንደ ልማዳቸው። አለብኝ አልኩ። አንዱን ለትንሣኤ አገዛዋለሁ፣ ሌላውን ለቁርባናችን ቀን አልኩ፤ ተስማማን። ቆሜ ጠበቅሁ። በሬው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና። አልመጣም። መጨረሻ ላይ እኔው አነሣሁት። «የበሬውስ?» አልኩ።

«እሱ አይቆጠርም» አሉ። ተነሥተው ጋቢያቸውን አነሡ፣ አብረን ወጣን።

የዚያን መልስ ትርጉም አልጠየቅኋቸውም። ምሕረት ይሁን፣ ወይም ከሂሳብ በላይ የሆነ በደል ማለት ይሁን አላውቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ቆረብን፣ ሁለተኛው በግም ታረደ። ቆረበች፣ ተለወጠች እንዳትሉ፣ አልተለወጥኩም። አሁንም አኮርፋለሁ፣ አሁንም ወጡን ጨው በዛበት ካሉኝ ጨዉን ማን እንደገዛው አስታውሳለሁ። መውጫውን ግን አላየውም። የትም የደበቅሁት እህል የለኝም። ይህን ያህል ነው የተሻሻልኩት፤ ለሃምሳ ዓመት ሥራ ትንሽ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ስለሚዘልቅ ፍቅር የጠየቃችሁኝ መልሱ ለእኔ እንደዚህ ነው። አትቁጠሪ አልልሽም። አትቁጠሩ እያሉ ሴት ልጅን ባዶ የሚያስቀሩ ብዙ ናቸው። ሰማንያችሁን ጻፉ፣ ጋብቻችሁንም አስመዝግቡ፤ የሕግ ግዴታ ነው፣ አትተዉት። ቤት ብትሠሩ፣ ቦታ ብታገኙ፣ የሁለታችሁም ስም ይግባበት። ሂሳቡ አንድ ጊዜ በአደባባይ፣ በእማኝ ፊት ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በልብሽ አትድገሚው። እኔ የተሳሳትኩት በመቁጠሬ አይደለም፣ ብቻዬን በመቁጠሬ ነው። አያታችሁ ደብተሬን ያረሙ ቀን ሁለታችንም አብረን መቁጠር እንችል እንደነበር ሊያሳዩኝ ነበር የሞከሩት፤ እኔ ግን ሌባ የገባብኝ መሰለኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር አሁኑኑ፣ በሰው ፊት። ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር ዕቁብ እንደምትጥዪና እጮኛሽ እንደማያውቅ አውቃለሁ። አትደንግጪ፤ ስልክ ስታወሪ ጮክ ትያለሽ። ዛሬ ማታ ንገሪው። አንተም ልጄ፣ ለዚህ ኬክና ለዚህ አበባ ያወጣኸውን ገንዘብ ከማን እንደተበደርክ ንገራት፤ በደመወዝህ ብቻ እንዳልሆነ ዳባት ያሉ ሰዎች ነግረውኛል። ከሠርጉ በፊት ይነገር። ከሠርጉ በኋላ የሚነገር ዕዳ ወለዱ ይከብዳል።

ሁለተኛው የመጨረሻዬ ነው፣ ከዚያ ማይኩን እመልሳለሁ። መጣላታችሁ አይቀርም። ስትጣሉ፣ ልጄ፣ እኔ ቤት አትምጪ። ብትመጪ እኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አንቺን እደግፋለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፣ ጎረቤቶቹንም እጠራለሁ፣ በሦስተኛው ስኒ ፍቺሽን ጨርሰን እንነሣለን። ደጄን ተዘግቶ ካገኘሽው አትቀየሚኝ። ሁለታችሁ አብራችሁ ከመጣችሁ ግን በማንኛውም ሰዓት ክፍት ነው።